ከረጅም ቪዲዮ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ለማሳየት፦ መነሻና መድረሻ ያለው ሊንክ ወይስ ቆርጦ መላክ? አራቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ

የምክር ቤት ስብሰባ፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወይም የአንድ ጉባኤ ሙሉ ቅጂ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይረዝማል። ለሌላ ሰው ማሳየት የምንፈልገው ግን ሁለት ደቂቃ ነው። ብዙው ሰው ወዲያው ቪዲዮውን አውርዶ፣ ቆርጦ በቴሌግራም ይለቀዋል። እኔ በአብዛኛው ጉዳይ ይህን አልመክርም። የተቆረጠ ቁራጭ ከፊቱ የተጠየቀውን ጥያቄና ከኋላው የተሰጠውን ማብራሪያ ይዞ አይሄድም፤ ከሦስት ሰው እጅ በኋላ ደግሞ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አይኖርም። በሊንክ የመጣ ተመልካች ግን መስመሩን በጣቱ ወደኋላ ጎትቶ ጥያቄውን ራሱ ይሰማል።

ለማነጻጸር እንዲመች አንድ ምሳሌ እንያዝ። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ የስብሰባ ቪዲዮ አለ፤ የምንፈልገው ክፍል 1:12:30 ላይ ይጀምርና 1:14:35 ላይ ያበቃል። ርዝመቱ 125 ሰከንድ ነው።

መነሻ ብቻ ያለው ሊንክ

ቀላሉና ገንዘብ የማያስወጣው ይህ ነው። ኮምፒውተር ላይ ከቪዲዮው ሥር `Share` የሚለውን ሲጫኑ `Start at` የሚል ትንሽ ሳጥን ይመጣል፤ ምልክት አድርገው ሰዓቱን መጻፍ ነው። ስልክ ላይ ሳጥኑን ካላገኙት በእጅ መጻፍ ይቻላል። ሰዓቱን ወደ ሰከንድ መለወጥ ብቻ ነው የሚጠይቀው፦ አንድ ሰዓት 3600፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ 720፣ ከዚያ 30፤ ድምሩ 4350። `VIDEO_ID` በሚለው ቦታ የቪዲዮው የራሱ መለያ ይገባል።

```
https://youtu.be/VIDEO_ID?t=4350
```

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። ከማጋሪያው የተቀዳ ሊንክ አብዛኛውን ጊዜ `?si=` ብሎ የሚጀምር ረጅም ጭራ ይኖረዋል። ከዚያ ጭራ በኋላ `?t=4350` ብትጨምሩ ቪዲዮው ይከፈታል፣ ነገር ግን ከመጀመሪያው ይጀምራል። በአንድ አድራሻ ውስጥ የጥያቄ ምልክቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገባው፤ ቀጣዩ በ`&` መያያዝ አለበት፤ ማለትም `&t=4350`። ከዚህ የሚሻለው የ`si` ጭራውን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ንጹሁን አድራሻ መጠቀም ነው፤ ለማጫወት አያስፈልግም።

«ሰዓቱ መሐል ላይ ከሆነ ከፊቱ ያለው አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃም ይጫናል፣ ዳታዬን ይበላል» የሚለው ስጋት በተደጋጋሚ ይሰማል። አይጫንም። ቪዲዮው ሰርቨሩ ላይ በትናንሽ ክፍሎች ስለሚቀርብ ማጫወቻው ከተጠቀሰው ሰከንድ ጀምሮ ያሉትን ብቻ ይጠይቃል።

እውነተኛው የዳታ ችግር ያለው መጨረሻው ላይ ነው። የዩቲዩብ መደበኛ ሊንክ መነሻ እንጂ መድረሻ አይቀበልም። አድራሻው ላይ `&end=4475` ብለው ቢጨምሩ እንኳ ቪዲዮው ሳይቆም ይቀጥላል። ሂሳቡን እንሥራ። ቪዲዮው በሰከንድ አንድ ሜጋቢት ያህል ቢወስድ የእኛ 125 ሰከንድ ወደ 16 ሜጋባይት ይጠጋል። ተመልካቹ ማቆሙን ረስቶ ስልኩን ቢያስቀምጥ ግን የቀረው አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ወደ 790 ሜጋባይት ይወስዳል። በጥቅል ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ሊንኩን ስትልኩ መድረሻውን በቃል ጻፉለት፦ «ከ1:12:30 እስከ 1:14:35 ብቻ ይመልከቱ»። ቀላል ይመስላል፣ ግን በቴሌግራምና በዋትስአፕ ለሚላክ ነገር ከሁሉ አስተማማኙ ዘዴ ይኸው ነው።

መነሻም መድረሻም ያለው፣ ገጽ ውስጥ የሚከተት ማጫወቻ

ድረ ገጽ ያለው የዜና ተቋም፣ ትምህርት ቤት ወይም ማኅበር ከሆናችሁ ምርጫችሁ ይህ ነው። ዩቲዩብ ሌላ ገጽ ውስጥ ለሚከተተው ማጫወቻ ሁለቱንም ይፈቅዳል፦

```html
<iframe width="560" height="315"
  src="https://www.youtube.com/embed/VIDEO_ID?start=4350&end=4475"
  referrerpolicy="strict-origin-when-cross-origin"
  allowfullscreen></iframe>
```

`end` የሚቆጠረው ከቪዲዮው መጀመሪያ እንጂ ከመነሻችሁ አይደለም። «ሁለት ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ ነው የምፈልገው» ብሎ `end=125` መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ምልክቱም ማጫወቻው በፈለጋችሁት ቦታ አለመቆሙ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ሙሉ ሰከንድ መሆን አለባቸው፤ ግማሽ ሰከንድ አይቀበልም።

ትክክለኛነቱም ገደብ አለው። ማጫወቻው መጀመር የሚችለው ሙሉ ምስል ከተቀመጠባቸው ነጥቦች ነው፤ በእነዚህ ነጥቦች መካከል ያሉት ምስሎች የሚመዘገቡት ከጎናቸው ካሉት ጋር ያላቸው ልዩነት ብቻ ነው። ስለዚህ አንዳንዴ ከጠቀሳችሁት ሰዓት እስከ ሁለት ሰከንድ ቀድሞ ይጀምራል። የቀደመው ተናጋሪ የመጨረሻ ቃል ከተሰማ ምክንያቱ ይኸው ነው። ተናጋሪው አፉን በሚከፍትበት ሰከንድ ላይ በትክክል ለማሳረፍ አትድከሙ፤ ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ትንሽ ዝምታ መነሻ አድርጉ። መድረሻው ላይም አንድ ሁለት ሰከንድ ጨምሩ። ተመልካቹ መስመሩን ከጎተተው መድረሻው ላይሠራ እንደሚችልም እወቁ። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ዐውዱን መመልከት የፈለገ ሰው መከልከል የለበትም።

የ`embed` አድራሻውን ብቻውን ቀድቶ በቴሌግራም መላክ ግን አይሠራም ብላችሁ አስቡ። ዩቲዩብ ማጫወቻው የተከተተበትን ገጽ ማንነት ይጠይቃል፤ ያ መረጃ ከሌለ ስሕተት ቁጥር 153 ያሳያል። በገጻችሁ ላይ ተከትቶ ሳለም ይህ ቁጥር ከመጣ ከላይ ያለው የ`referrerpolicy` መስመር ጎድሎ እንደሆነ ተመልከቱ። የቪዲዮው ባለቤት ሌላ ገጽ ውስጥ መክተትን ከከለከለ ደግሞ ምንም ብታደርጉ አይከፈትም፤ ወደ መነሻ ብቻው ሊንክ መመለስ ነው።

ድረ ገጽ የሌለው መምህር ጉግል ስላይድስን ይጠቀም። በነጻ ነው፣ ኮድም አያስፈልግም። ቪዲዮውን ስላይዱ ላይ ካስገቡ በኋላ `Format options` ሲከፍቱ `Start at` እና `End at` የሚሉ ሁለት ቦታዎች አሉ፤ 1:12:30 እና 1:14:35 ብሎ መሙላት ነው። ክፍል ውስጥ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ አላየሁም፤ በተባለው ቦታ ጀምሮ በተባለው ቦታ ይቆማል፣ መምህሩም ቪዲዮውን ለማቆም ወደ ኮምፒውተሩ መሮጥ አይኖርበትም።

ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2021 ያስተዋወቀው `Clip` የሚባለው መሣሪያም መነሻና መድረሻ አለው። ነገር ግን ከ5 እስከ 60 ሰከንድ የተወሰነ ነው፣ ቁልፉም በሁሉም ቪዲዮ ላይ አይገኝም። የእኛ 125 ሰከንድ አይገባበትም፤ ስለዚህ አልፈዋለሁ።

የራሳችሁ ፋይል ከሆነ

ቪዲዮው በራሳችሁ ሰርቨር ላይ በ`.mp4` ፋይልነት ከተቀመጠ ዩቲዩብ የማይሰጠውን በነጻ ታገኛላችሁ። ድብልዩ ሦስት ሲ የተባለው የድር ደረጃዎች አውጪ እ.ኤ.አ. በ2012 ባጸደቀው ደንብ መሠረት በአድራሻው መጨረሻ ላይ ሁለት ሰዓቶች መጻፍ ይቻላል፦

```
https://example.org/session.mp4#t=1:12:30,1:14:35
```

ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ይህን ተቀብለው ከመነሻው ጀምረው መድረሻው ላይ ቆም ይላሉ። የሚጠበቅባችሁ አንድ ነገር ነው፤ ሰርቨሩ የፋይሉን ክፍል ብቻ ቆንጥሮ መላክ የሚችል መሆን አለበት። ሊንኩን ከፍታችሁ ቪዲዮው ወደ 1:12:30 መዝለል እምቢ ካለ ችግሩን ከዚያ ጀምራችሁ ፈልጉ። ጉግል ድራይቭ ላይ የተቀመጠ ቪዲዮ የሚከፈተው በድራይቭ የራሱ ገጽ ስለሆነ ይህን አጻጻፍ አይከተልም።

መቁረጥ ትክክል የሚሆነው መቼ ነው?

ተቀባዩ ኢንተርኔት በሌለበት የሚመለከት ከሆነ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ግንኙነት የማያስተማምን ከሆነ፣ ወይም ዋናው ቪዲዮ ይጠፋል የሚል ተጨባጭ ስጋት ካለ መቁረጥ ይገባል። ቪዲዮው የራሳችሁ ካልሆነ የባለቤቱን ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ዩቲዩብም ያለ ፈቃድ ማውረድን በውሉ ይከለክላል። አገራችን ያለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከታተመ ሥራ መጥቀስን የሚፈቅደው በልኩና ምንጩ ሲጠቀስ ነው። ስለዚህ በቁራጩ ሥር የዋናውን ሊንክና ሰዓት መጻፍ አትርሱ። ኮምፒውተራችሁ ላይ `ffmpeg` የተባለው ነጻ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ካለ በዚህ ትእዛዝ መቁረጥ ይቻላል፦

```
ffmpeg -ss 1:12:30 -to 1:14:35 -i session.mp4 -c copy part.mp4
```

ይህ ትእዛዝ ምስሉን እንደገና ሳያቀናብር ስለሚቀዳ በጣም ፈጣን ነው። ዳሩ ግን ያው የሙሉ ምስል ነጥብ ጉዳይ እዚህም ይመጣል፤ መጀመሪያው ላይ ጥቂት ሰከንድ ያልፈለጋችሁት ሊገባ ወይም ምስሉ ሊደርቅ ይችላል። እንዲህ ከሆነ `-c copy` የሚለውን አውጡት፤ ጊዜ ይወስዳል፣ አቆራረጡ ግን ይስተካከላል።

ሊንኩ ትክክል ሆኖ ሳለ ቦታው ሲለወጥ

ሊንክን ለመረጠ ሰው ትልቁ አደጋ ይህ ነው፤ በተለይ በቀጥታ በተላለፉ ስብሰባዎች ላይ። ባለቤቱ ስርጭቱ ካበቃ በኋላ ከመጀመሪያው ያለውን ባዶ ጥበቃ በዩቲዩብ ማረሚያ ሊያወጣው ይችላል። አሥራ አንድ ደቂቃ ቢያወጣ የቪዲዮው አድራሻ አይለወጥም፤ 1:12:30 ላይ የነበረው ንግግር ግን 1:01:30 ላይ ይገኛል። ሊንካችሁ ይከፈታል፣ የስሕተት መልእክትም አይመጣም፤ የሚሰማው ግን ሌላ ሰው ነው።

ለዚህ የምመክረው ሁለት ነገር ነው። በቀጥታ እየተላለፈ ካለ ስርጭት ላይ ሊንክ አትውሰዱ፤ ሙሉ ቅጂው ወጥቶ ጥቂት ቀን እስኪያልፍ ጠብቁ። ሊንኩን ስትመዘግቡ ደግሞ ከሰዓቱ ጎን የተናጋሪውን የመጀመሪያ አምስት ስድስት ቃላትና የቪዲዮውን ሙሉ ርዝመት ጻፉ። በኋላ ሲከፈት ርዝመቱ ከ3:00:00 ወደ 2:49:00 ዝቅ ብሎ ከተገኘ ስንት ደቂቃ መቀነስ እንዳለባችሁ ልዩነቱ ራሱ ይነግራችኋል። ከዚያ የጻፋችኋቸው ቃላት መሰማታቸውን አረጋግጣችሁ 4350 የነበረውን 3690፣ 4475 የነበረውን ደግሞ 3815 ታደርጉታላችሁ።