የብሉቱዝ ስፒከር፣ ካስት ያለው ቲቪ ወይስ ስማርት ስፒከር? ከመግዛታችሁ በፊት፣ መሣሪያው ከዝርዝሩ ሲጠፋም

ደሴ ፒያሳ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወደ አንዱ ገብታችሁ «ከስልኬ ሙዚቃ የምለቅበት ነገር ፈልጌ ነበር» ብትሉ ሦስት ዓይነት ዕቃ ሊያወጡላችሁ ይችላሉ። የብሉቱዝ ስፒከር፣ ስማርት ቲቪ፣ አንዳንዴም ከውጭ የመጣች፣ በንግግር የምትታዘዝ ትንሽ ስማርት ስፒከር። ሻጩ ሦስቱንም «ከስልክ ጋር ይሠራል» ይላችኋል። እውነቱን ነው። ግን ከስልክ ጋር የሚገናኙበት መንገድ ለየቅል ነው። ስለዚህ እኔ ስለ ዋጋውና ስለ ድምፁ ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ቤታችሁ ራውተር አለ ወይስ የምትጠቀሙት በስልክ ሆትስፖት ነው? ምርጫውን የሚወስነው መልሳችሁ ነው። «መሣሪያው ዝርዝሩ ላይ አልወጣልኝም» የሚለው ችግርም አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ እዚያው ነው።

ብሉቱዝ፦ የሚያጫውተው ስልኩ ነው

በብሉቱዝ ዘፈኑን የሚያጫውተው ስልካችሁ ነው። ስፒከሩ የተላከለትን ድምፅ ብቻ ያወጣል። ስለዚህ ዋይፋይ አይፈልግም፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ሜሞሪ ላይ ያለ መንዙማ በሉት፣ ከዘመድ ስልክ የተቀበላችሁት የሠርግ ዘፈን፣ ሁሉም ይሄዳል። ስፒከሩ ባትሪ ካለው መብራት ሲጠፋም አይቋረጥም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ለወራት ሲቆይ፣ እዚህ ወሎም ያገለገለው ይኸው ብሉቱዝና ፍላሽ ነበር።

ጉድለቱ ከስልኩ ጋር መታሰሩ ነው። ስልክ ሲደወል ዘፈኑ ይቆማል። ስልኩን ይዛችሁ ወደ ጓሮ ከወጣችሁ መቆራረጥ ይጀምራል። አስተማማኝ ርቀቱ 10 ሜትር ገደማ ነው፤ መሀል ላይ የድንጋይ ግድግዳ ካለ ከዚያም ያንሳል።

ስፒከሩ ዝርዝሩ ላይ ካልታየ መጀመሪያ ጠርጥሩ የሌላ ሰው ስልክ። ቀድሞ የተገናኘ ስልክ አጠገቡ ካለና ብሉቱዙ ክፍት ከሆነ፣ ስፒከሩ ገና ሲበራ በዚያኛው ይያዛል። የዚያን ስልክ ብሉቱዝ አስጠፉና የስፒከሩን የብሉቱዝ ቁልፍ መብራቱ ብልጭ ድርግም እስኪል ተጭናችሁ ያዙት። ቲቪን በብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ መፈለግ ግን ብዙ ጊዜ ከንቱ ልፋት ነው። አብዛኞቹ ቲቪዎች ብሉቱዝ የተገጠመላቸው ድምፅ ወደ ጆሮ ማዳመጫ ለመላክ ነው፤ ከስልክ ለመቀበል አይደለም።

ካስት፦ ስልኩ ትእዛዝ ሰጪ ብቻ ነው

ጉግል ካስት ያለው ቲቪ ሥራው ሌላ ነው። ዩቲዩብ ላይ የካስት ምልክቷን ስትነኩ ስልካችሁ ዘፈኑን አይልክም። «ይህንን አጫውት» ብሎ ለቲቪው ይነግረዋል፤ ቲቪው ራሱ ከኢንተርኔት ያወርደዋል። ስለዚህ ስልክ ቢደወልላችሁ፣ ስክሪኑን ብታጠፉት፣ ይዛችሁት ወደ ገበያ ብትወጡ እንኳ ዘፈኑ ይቀጥላል። ቤተሰብ ተሰብስቦ ትዝታና አምባሰል ለሚያዳምጥበት ሳሎን ከዚህ የሚመች አላየሁም።

ነገር ግን ዳታውን አስቡት። በ128 ኪሎቢት ድምፅ ብቻ የሚያወርድ መተግበሪያ በሰዓት 60 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። ቲቪው ላይ ያለው ዩቲዩብ ግን ቪዲዮውን ጭምር ያወርዳል፣ ጥራቱንም የሚመርጠው ራሱ ነው። ስልካችሁ ላይ 144 ላይ አድርጋችሁ የምትሰሙት ዘፈን ቲቪው ላይ 1080 ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ በሰዓት ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊወስድ ይችላል። ጥቅል እየገዛችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ዘፈኑ ሲጀምር በሪሞቱ ጥራቱን ዝቅ አድርጉት።

ቲቪው ዝርዝሩ ላይ እንዴት እንደሚወጣም ማወቅ ይጠቅማል። ስልኩ ወደ ዋይፋዩ «ካስት የሚቀበል ማን አለ?» የሚል ጥሪ ይለቃል። እዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ቲቪ «እኔ አለሁ» ብሎ ይመልሳል። ጥሪው ከአንድ ኔትወርክ ወደ ሌላ አይሻገርም። ቲቪው ጤነኛ ሆኖ፣ ኢንተርኔቱም እየሠራ፣ ዝርዝሩ ባዶ የሚሆነው በዚህ ነው።

ሆትስፖት ያለበት ቤት

አንዲት ጎረቤቴ የገጠማቸውን ልንገራችሁ። ቤታቸው ራውተር የለም። ቲቪው ኢንተርኔት የሚያገኘው ከልጃቸው ስልክ ነው፤ እሳቸውም ከዚያው ሆትስፖት ጋር ተገናኝተው መንዙማ ወደ ቲቪው ይለቃሉ። ልጁ ኮምቦልቻ ሥራ ሲሄድ የራሳቸውን ስልክ ሆትስፖት ከፍተው ቲቪውን ከእሱ ጋር አገናኙት። ቲቪው ላይ ዩቲዩብ ይከፈታል፤ ስልካቸው ላይ ግን የካስት ምልክቱም የለም።

«ልጄ፣ ትናንት እኮ ነበረ። ቲቪው ተበላሸ እንዴ?» አሉኝ።

«የለም እትዬ፣ ቲቪው ደህና ነው። ስልክዎ አሁን ዋይፋይ ሰጪ ሆኗል፤ ለዚያ ነው የማያየው» አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ስልካቸውና ቲቪው ሁለቱም የልጁ ሆትስፖት እንግዶች ነበሩ፤ ስለዚህ ተያዩ። ዛሬ ግን ስልካቸው ራሱ ባለቤት ሆነ። ብዙ ስልኮች ላይ ደግሞ መተግበሪያው ስልኩ ከዋይፋይ ጋር ካልተገናኘ ካስት የሚቀበል መሣሪያ አይፈልግም። ሆትስፖት መስጠት እንደ መገናኘት አይቆጠርለትም።

ለዩቲዩብ ጥሩ መውጫ አለው፣ ያደረግነውም እሱን ነው። ቲቪው ላይ ዩቲዩብን ከፍተን ማስተካከያው ውስጥ «Link with TV code» የሚለውን ነካን። የቁጥር ኮድ ወጣ። ስልካቸው ላይ ደግሞ የዩቲዩብ ማስተካከያ ውስጥ ገብተን «Watch on TV»፣ ከዚያ «Enter TV code» አልንና ቁጥሩን አስገባን። ቲቪው ዝርዝሩ ላይ ተመለሰ። ይህ መንገድ ስልኩንና ቲቪውን የሚያገናኛቸው በኢንተርኔት በኩል ስለሆነ አንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አያስፈልጋቸውም። የሚሠራው ግን ለዩቲዩብ ብቻ ነው።

ለሌሎች መተግበሪያዎችም እንዲሆን ከፈለጋችሁ ሦስተኛ መሣሪያ ያስፈልጋል። ቤት የተቀመጠ አሮጌ ስልክ ካለ ሲም አስገቡበትና ቋሚ የሆትስፖት ሰጪ አድርጉት። የድሮውን ሆትስፖት ስምና የይለፍ ቃል ሳትቀይሩ ከሰጣችሁት ቲቪው በራሱ ይገናኛል። ቲቪው ሆትስፖቱን ጭራሽ ካላየው ደግሞ ሆትስፖቱ 5 ጊጋኸርዝ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ርካሽ ቲቪዎች ብዙ ጊዜ የሚያውቁት 2.4ን ብቻ ነው። አንድሮይድ ላይ የሆትስፖት ማስተካከያ ውስጥ 2.4 ምረጡ፤ አይፎን ላይ «Maximize Compatibility»ን አብሩ።

ራውተር እያለ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ

መጀመሪያ የስልኩን ቪፒኤን አጥፉ። እኛ አካባቢ ቪፒኤን ከፍቶ መርሳት የተለመደ ነው፤ ጥሪው ወደ ቤታችሁ ዋይፋይ እንዳይደርስ ሊያደርግ ይችላል። አይፎን ከሆነ ለመተግበሪያው «Local Network» የሚለው ፈቃድ መሰጠቱን እዩ። አዳዲስ አንድሮይዶች ላይ ደግሞ «Nearby devices» የሚል ፈቃድ አለ።

ከዚያ የሁለቱን አይፒ አድራሻ አወዳድሩ። ስልኩ ላይ የተገናኛችሁበትን ዋይፋይ ዝርዝር መረጃ፣ ቲቪው ላይ የኔትወርክ ማስተካከያውን ስትከፍቱ ታገኙታላችሁ። ስልኩ 192.168.1.5፣ ቲቪው 192.168.1.9 ቢሆን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች አንድ ስለሆኑ አንድ ኔትወርክ ላይ ናቸው ማለት ነው። ስልኩ 192.168.0.5 ሆኖ ቲቪው 192.168.1.9 ከሆነ ግን ተለያይተዋል። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ሲግናል ደካማ ነው ተብሎ ሁለተኛ ራውተር ሲጨመር ነው። መፍትሔው ሁለተኛውን ራውተር «Access Point» ወደሚለው አሠራር መቀየር ነው። ለጊዜው ግን ሁለቱን ከአንደኛው ራውተር ጋር ማገናኘትም ይበቃል።

አንድ ኔትወርክ ላይ ሆነውም ቲቪው ካልታየ ራውተሩ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ እንዳይተያዩ እየከለከለ ሊሆን ይችላል። ማስተካከያው ውስጥ «AP Isolation» ወይም «Client Isolation» ተብሎ ይጠራል። የላሊበላና የኮምቦልቻ ሆቴል ባለቤቶች ይህንን በእንግዶች ዋይፋይ ላይ እንዳታጠፉት እለምናችኋለሁ። ከጠፋ ማንኛውም እንግዳ የፈለገውን ወደ አዳራሹ ቲቪ ሊለቅ ይችላል። ይልቅ ቲቪውንና የሠራተኛውን ስልክ ለብቻው በተዘጋጀ ዋይፋይ ላይ አድርጉ።

ስማርት ስፒከር

እዚህ ላይ አጠር አድርጌ እናገራለሁ፣ ለአብዛኛው የወሎ ቤት አልመክረውምና። ሦስቱ ታዋቂዎች የጉግል ኔስት፣ የአማዞን ኢኮና የአፕል ሆምፖድ ናቸው። አንዳቸውም አማርኛ አይሰሙም። ሁሉም ቋሚ ዋይፋይና ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። ተራው የዩቲዩብ መተግበሪያ ደግሞ ስክሪን የሌለውን ስፒከር ዝርዝሩ ላይ አያወጣም፤ ስለዚህ ዘፈን የምትሰሙት በዩቲዩብ ከሆነ የጠበቃችሁትን አታገኙም። ኔስትና ኢኮ ቢያንስ በብሉቱዝ ይሠራሉ። ሆምፖድ ግን ከስልክ በብሉቱዝ ድምፅ አይቀበልም፣ የሚቀበለው በኤርፕሌይ ነው፣ ለማስጀመርም አይፎን ወይም አይፓድ ይፈልጋል። አንድሮይድ ያላችሁ ዘመድ ከውጭ ላምጣላችሁ ቢላችሁ አመስግናችሁ ሌላ ነገር ጠይቁት።

ሱቅ ውስጥ

ቋሚ ኢንተርኔት ያለው ቤት ካላችሁ ካስት ያለውን ቲቪ ግዙ። ሆትስፖት ብቻ ከሆነና ዘፈኖቻችሁ ሜሞሪ ላይ ካሉ ጥሩ የብሉቱዝ ስፒከር ይሻላችኋል፤ ፍላሽ የሚቀበል ከሆነማ ስልኩም ያርፋል።

ቲቪ ስትገዙ «ካስት አለው» የሚለውን ቃል ብቻ አትመኑ። አንዳንድ ርካሽ ቲቪዎች ላይ ካስት የሚባለው የስልኩን ስክሪን እንዳለ ማሳየት ነው፤ ስልኩ ሲዘጋ እሱም ይቆማል። ስለዚህ ሁለት ስልክ ይዛችሁ ሂዱ። በአንዱ ሆትስፖት ስጡ፣ ቲቪውንና ሌላውን ስልክ ከእሱ ጋር አገናኙ፣ ከዩቲዩብ አንድ ዘፈን ልቀቁና የለቀቃችሁበትን ስልክ ስክሪን አጥፉ። ዘፈኑ ከቀጠለ የምትፈልጉት ዓይነት ነው።

የድሮ ቲቪ ላይ የሚሰካ ያገለገለ ክሮምካስት ካቀረቡላችሁ ደግሞ ሁለተኛውን ትውልድ በጥንቃቄ እዩት፤ በ2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የወጣው፣ ክብ ቅርፅ ያለው ነው። በማርች 2025 ውስጡ ያለው የደኅንነት ማረጋገጫ ቀኑ አልፎበት ብዙዎቹ ካስት መቀበል አቁመው ነበር። ጉግል ማሻሻያ ልኳል፤ ሆኖም ከዚያ በፊት ጀምሮ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ማሻሻያውን ላያገኝ ይችላል። እዚያው ሱቅ ውስጥ ተሰክቶ ዘፈን ሲያጫውት ሳታዩ አትክፈሉ።