ዋጋው ተጽፎ ወይስ «ከ… ጀምሮ»?

ደሴ ፒያሳ ያለ አንድ ትንሽ የዲዛይን ስቱዲዮ የዋጋ ገጹን ሲያዘጋጅ ሁለት ምርጫ አለው እንበል፤ ሁለት ሦስት ጥቅል ከነዋጋቸው መደርደር፣ ወይም «ከ8,000 ብር ጀምሮ» ብሎ ስልክ ማስቀመጥ። ሁለተኛው ለስቱዲዮው ይቀላል፤ ግን የኮምቦልቻው ካፌ ባለቤት ደውሎ 20,000 ሲባል «ስምንት ሺህ አላላችሁም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም።

ጥቅሉ ይህን የሚያስቀረው ልዩነቱ በሚቆጠር ነገር ሲጻፍ ነው፦ «መሠረታዊ፦ ሎጎ፣ 2 ጊዜ ማሻሻያ»፤ «ሙሉ፦ ሎጎ፣ ሜኑ፣ የታፔላ ዲዛይን፣ 4 ጊዜ ማሻሻያ»። «ፕሪሚየም ጥራት» የሚለው ማንንም አያስመርጥም። ኅትመትና ቫት መካተት አለመካተታቸው እዚያው ከዋጋው ሥር ይጻፍ፤ ጭቅጭቅ የሚነሳው በነሱ ነው።

ዌብሳይት ግን እንደ ሥራው ስፋት ስለሚለያይ፣ እኔ ብሆን «ጀምሮ»ን ለሱ ብቻ እተው ነበር፤ ያውም በመነሻው ዋጋ ስንት ገጽ እንደሚሠራ ከጎኑ ጽፌ።