ሐዋሳ ላለው የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ፣ ስለ «ፈቶግረፈር» አመሰግናለሁ

ሐዋሳ ሆናችሁ ለአይኤልትስ የምትዘጋጁ ካላችሁ ይህን አንብቡ። ሰውየው ስሙን እንዳላወጣ ስለለመነኝ «ጋሼ» ብቻ እያልኩ እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ ስፈተን በንግግር ያገኘሁት 5.5 ነበር። የሚያስፈልገኝ ደግሞ 6.5። አንድ ማሠልጠኛ (ስሙ ይቅርና) «ቃላት ጨምር» አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ቃላት ሸመደድኩ። ምንም ጠብ ያለ ነገር የለም።

ጋሼ ገና በመጀመሪያው ቀን ስልኩን አውጥቶ 2 ደቂቃ አስወራኝና ቀዳኝ። ስለ ሐይቁ ዳር ነበር ያወራሁት። ስለ አሞራ ገደል፣ ስለ ዓሣው፣ እዚያ ፎቶ ስለሚያነሳ ጓደኛዬ። ሰምቶ ሲጨርስ «ቃላት አላነሰህም። ችግሩ ሁሉንም እኩል ትረግጣለህ» አለኝ። የንግግር ፈተናው የሚመዘነው በአራት ነገር ነው፤ ቅልጥፍና፣ ቃላት፣ ሰዋስውና አነጋገር። አራቱም እኩል ክብደት አላቸው። የሐበሻ ቅላፄ በራሱ ነጥብ አያስቀንስም። ፈታኙ አንተን ለመስማት ሲታገል ነው ነጥብ የሚሄደው።

ከቅጂዬ አንድ ዓረፍተ ነገር መረጠ፤ «ኤ ፍሬንድ ኦቭ ማይን ኢዝ ኤ ፎቶግራፈር»። ሦስት ሳምንት በዚህችው ላይ ቆየን ብል ማጋነን አይሆንም።

መጀመሪያ «ፎቶግራፈር» የሚለውን ቃል ያዘ። እኛ «ፎቶ»ም «ግራ»ም እኩል ጎላ አድርገን ነው የምንለው። እንግሊዝኛ ግን በቃሉ ውስጥ አንዷን ብቻ አንግሦ ሌሎቹን ያደክማል። የደከመችው አናባቢ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለችም፣ በ«ለ» እና በ«ነ» ውስጥ ካለችው የግዕዝ ድምፅ ጋር በጣም ትቀራረባለች። ስለዚህ በፊደላችን ጻፈልኝ። «ፎተግራፍ» ሲሆን ጫናው «ፎ» ላይ ነው። «ፈቶግረፈር» ሲሆን ወደ «ቶ» ይሄዳል፣ «ፎ» የነበረችውም «ፈ» ትሆናለች። ያኔ ነው የበራልኝ። ሰውየው የሚናገረው ፈረንጅኛ፣ የሚጽፈው ፊደል ግን የአያቴ!

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ፣ እናንተም መሥራታችሁ አይቀርም። «ቶ»ን አጉላ ሲባል እኔ «ት»ን አጠበቅኩት። እኛ «ገና» ብለን አጥብቀን በዓሉን፣ አላልተን «ገና አልመጣም»ን ስለምንለይ፣ ኃይል ስንጨምር ምላሳችን የሚሮጠው ወደ ማጥበቅ ነው። ጋሼ የጎማ ላስቲክ ሰጠኝ። «ቶ» ላይ ስደርስ እየሳብኩ፣ ሌላው ላይ እየለቀቅኩ ነበር የምለማመደው። የሚረዝመው አናባቢው ነው፣ ድምፁም እዚያ ላይ ከፍ ይላል።

ቀጥሎ ማያያዝ። እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ቆርጬ ነበር የማስቀምጠው። «አማርኛ ስታወራ ‹እንደምን› ብለህ ቆመህ ነው ‹አደርክ› የምትለው? ‹እንደምናደርክ› አይደለም እንዴ?» አለኝ። አንዱ ቃል በተነባቢ አልቆ ሌላው በአናባቢ ሲጀምር ይጋባሉ። ዓረፍተ ነገሬ «ኧፍሬንደቭ ማይኒዘ ፈቶግረፈር» ሆነች። እኔ ማያያዝ መፍጠን መስሎኝ መሮጥ ጀመርኩ። ቅጂውን ሲያሰማኝ ራሴም አልገባኝም። ለካ ጎላ ያሉት «ፍሬንድ»፣ «ማይን» እና «ቶ» ጊዜያቸውን ይወስዳሉ፣ የሚታጠፉት በመሃል ያሉት ትንንሾቹ ናቸው።

ዜማውን የያዝኩት መጨረሻ ላይ ነው። «ፎቶ አንሺው እኔ ሳልሆን ጓደኛዬ ነው» ለማለት እኛ ዓረፍተ ነገሩን ራሱን እናዞረዋለን። እንግሊዝኛ ቃላቱን ባሉበት ትቶ ድምፁን ያዞራል። «ማይ ፍሬንድ ኢዝ ኤ ፎቶግራፈር» ሲል «ፍሬንድ» ላይ ይወጣና ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ «ቶ»ም ሳይቀር፣ ዝቅ ብሎ ያልቃል። የሸመደድኩት መልስ ይህን ስለሌለው ነው እንደ ዜና ንባብ ይሰማ የነበረው።

በሳምንት 2 ቀን፣ ለ8 ሳምንት ተማርኩ። ባለፈው ወር 6.5 መጣ። ሰዋስውና ቃላቴም በመሃል ሳይሻሻሉ አልቀሩምና ሁሉንም ለጋሼ አልሰጥም፤ ድሮ በየመሃሉ «ይቅርታ፣ ምን አልከኝ?» እባል ነበር፣ አሁን ግን ፈታኟ አንድም ጊዜ አላስደገመችኝም።

ልብ በሉ፣ ጋሼ ሰዋስው አያስተምርም፣ ነጥብም ቃል አይገባም። እንግሊዝኛ ገና የምትጀምሩ ከሆነ «ቆይታችሁ ኑ» ብሎ ይመልሳችኋል። በአንድ ጊዜ ከ4 ሰው በላይ አይቀበልም፣ ቅጂ ማዳመጥ ጊዜ ይበላል። ከፈለጋችሁት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ ስልኩን እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ የ2 ደቂቃ ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።