ፋየርቤዝ ወይስ የራስ ባክኤንድ? በአንድ የሽያጭ አፕ ሲፈተኑ

ለመጀመር የጉግል ዝግጁ ባክኤንድ የሆነው ፋየርቤዝ ይፈጥናል፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። የተጠቃሚ መግቢያውም ዳታቤዙም ተዘጋጅተው ይጠብቁሃል። የራስህን ሬስት ኤፒአይ ከነዳታቤዙ ልሥራ ካልክ ግን ሰርቨር መከራየት፣ የይለፍ ቃል አያያዙን መጻፍ፣ ባክአፕ መያዝ የአንተ ሥራ ነው። ትልቁ ልዩነት የሚወጣው ግን በኋላ፣ ዳታውን መልሰህ ማንበብ ስትጀምር ነው።

አፑ የሱቅ ሽያጭ መመዝገቢያ ነው እንበል። ሻጩ በስልኩ ይመዘግባል። ባለቤቱ ደግሞ በዚህ ወር የትኛው ዕቃ ምን ያህል እንደተሸጠ ማየት ይፈልጋል። በቀን 200 ሽያጭ ቢኖር በወር 6,000 ገደማ ይሆናል።

የፋየርቤዙ ዳታቤዝ ፋየርስቶር እያንዳንዱን ሽያጭ እንደ አንድ ዶክመንት ያስቀምጣል። ሒሳብ ከሚይዝባቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ የተነበበው ዶክመንት ቁጥር ነው። ነፃው ኮታ በቀን 50,000 ንባብ ነው፤ ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ሪፖርቱ የወሩን ሽያጮች በሙሉ አምጥቶ ስልኩ ላይ የሚደምር ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ሲከፈት 6,000 ንባብ ይበላል። በቀን ዘጠነኛው መክፈት ላይ ኮታው አለቀ። በነፃው ዕቅድ ላይ ከሆንክ ንባቡ እስከሚቀጥለው ቀን ይቆማል፤ በክፍያው ዕቅድ ላይ ከሆንክ ሒሳቡ ይቆጥራል። የበጀት ማስጠንቀቂያ ብታስገባም መልእክት ይልክልሃል እንጂ አገልግሎቱን አያቆምልህም።

በራስህ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ ይኸው ሪፖርት አንድ ጥያቄ ነው፦

```sql
SELECT product_id, SUM(qty) AS total
FROM sales
WHERE sold_at >= '2025-01-01'
  AND sold_at < '2025-02-01'
GROUP BY product_id;
```

ነገ ባለቤቱ "በሻጭም ለይተህ አሳየኝ" ቢል የሻጩን ዓምድ `SELECT` እና `GROUP BY` ላይ ትጨምራለህ፣ አለቀ። ፋየርስቶርም `sum()` አለው፤ ጠቅላላ ድምሩን በጥቂት ንባብ ያወጣል። በተለመደው የአፕ መጠይቅ ግን በየዕቃው ከፋፍሎ አይደምርልህም። መፍትሔው ሽያጭ በተመዘገበ ቁጥር የዕለቱን ማጠቃለያ ዶክመንትም በ`increment()` አብሮ መጨመር ነው። ያኔ የወሩ ሪፖርት 30 ንባብ ገደማ ይሆናል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ችግሩ ባለቤቱ ምን እንደሚጠይቅ አስቀድመህ ማወቅ አለብህ። ያልታሰበ ጥያቄ ከመጣ የድሮውን ዳታ ሁሉ አንብበህ ማጠቃለያውን እንደገና ትሠራለህ።

እስካሁን ሚዛኑ ወደ ራስ ባክኤንድ ያጋደለ ይመስላል። ኔትወርክ ሲቋረጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በአንድሮይድና በአይኦኤስ ፋየርስቶር ያለ ኢንተርኔት የተመዘገበውን ስልኩ ላይ ይይዛል፤ መስመር ሲመለስ ራሱ ይልከዋል። አንተ ምንም አልጻፍክም። በሬስት ይህን ሁሉ ራስህ ትሠራለህ፦ ስልኩ ላይ ኤስኪውላይት ዳታቤዝ፣ የሚላኩትን ወረፋ የሚያስይዝ ኮድ፣ ካልተሳካ መልሶ የሚሞክር።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ሰርቨሩ ሽያጩን መዝግቦ መልሱ መንገድ ላይ ሲጠፋ ነው። አፑ አልደረሰም ብሎ እንደገና ይልካል፤ አንዱ ሽያጭ ሁለት ይሆናል። ምልክቱም ይታወቃል፦ በሴኮንዶች ልዩነት የተመዘገቡ ፍጹም አንድ ዓይነት ሁለት መስመሮች። መድኃኒቱ የሽያጩን መለያ ቁጥር ስልኩ ራሱ እንዲያወጣ ማድረግና ሰርቨሩ ላይ `ON CONFLICT (id) DO NOTHING` ማለት ነው። ጀማሪ ይህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሒሳቡ ከተዛባ በኋላ ነው።

ጥበቃውም ይለያያል። በፋየርቤዝ አፑ ዳታቤዙን በቀጥታ ያናግራል፤ በር ጠባቂው የምትጽፈው ደንብ ብቻ ነው። በሙከራ ሁነታ ከጀመርክ ዳታው ለ30 ቀን ለሁሉም ክፍት ነው። ከዚያ ድንገት `PERMISSION_DENIED` ይመጣል፤ ብዙዎች አፑ ተበላሸ ብለው ይደነግጣሉ። ሌላም አለ። ደንቡ ዶክመንቱን በሙሉ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል እንጂ አንዱን መስክ ነጥሎ አይደብቅም። ስለዚህ የዕቃው መግዣ ዋጋ ከመሸጫው ጋር አንድ ዶክመንት ውስጥ ካለ፣ ስክሪኑ ላይ ባይታይም ሻጩ ስልክ ላይ ይደርሳል። ለይተህ አስቀምጠው። በሬስት ሰርቨሩ የፈለገውን ብቻ ይመልሳል።

የእኔ ምርጫ? ሻጩ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት የሚሠራ ከሆነና ሪፖርቱ ሁለት ሦስት ዓይነት ብቻ ከሆነ፣ ፋየርቤዝ። ባለቤቱ በየሳምንቱ አዲስ ሪፖርት የሚጠይቅ ዓይነት ከሆነና መስመሩ አስተማማኝ ከሆነ፣ ፖስትግሬስ። መሀል ላይ ላለ ሰው ደግሞ ሁለቱን ማጣመር ይቻላል፦ መግቢያውን ብቻ ለፋየርቤዝ ትተዋለህ። አፑ ከዚያ የተቀበለውን ቶክን ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር ይልካል፤ ሰርቨርህ በ`verifyIdToken()` ያረጋግጣል፤ ሽያጩ ግን በራስህ ሠንጠረዥ ውስጥ ይቀመጣል። የይለፍ ቃል የማስቀመጡና የጠፋውን የመመለሱ ጣጣ ከአንተ ይወርዳል፤ ያለ ኔትወርክ የመመዝገቡ ሥራ ግን አሁንም ያንተ ነው።