ግሱን ማዛወር ወይስ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና መሥራት?

አፍ መፍቻው እንግሊዝኛ የሆነ የአማርኛ ተማሪ «እኔ ትናንት ወሰድኩ ሻወር፣ ከዚያ እኔ ነበርኩ ብርድ» ብሎ ጻፈ እንበል።

አንዱ መንገድ ግሱን ወደ መጨረሻ ማዛወር ብቻ ነው፦ «እኔ ትናንት ሻወር ወሰድኩ፤ ከዚያ እኔ ብርድ ነበርኩ»። የጸሐፊው ቃላት ይጠበቃሉ፤ ነገር ግን ሰውየው ራሱ ብርድ ሆኖ ይቀራል። አማርኛ እንዲህ ያለውን ስሜት በግስ ነው የሚናገረው፦ በረደኝ፣ ራበኝ፣ ጠማኝ።

ሌላው እንደገና መሥራት ነው፦ «ትናንት ገላዬን ከታጠብኩ በኋላ በረደኝ»። «እኔ» ሁለቴም ወጣ፤ የመጀመሪያውን «ታጠብኩ» ራሱ፣ ሁለተኛውን ደግሞ በ«በረደኝ» ውስጥ ያለው «ኝ» ይዞታልና። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። አደጋው ሐሳቡን መለወጥ ነው፤ ጸሐፊው «ብርድ መታኝ» ለማለት ፈልጎ ቢሆንስ? ስለዚህ ብዕር ከማንሣቴ በፊት እርሱን እጠይቃለሁ።