ዘጠኝ ወር በስሊፒንግ ባግ፦ የባህር ዳር ሌሊትና የልጄ አለባበስ

ልጄ የተወለደው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። በታህሳስ ውጭ አገር ያለችው እህቴ ሁለት የሕፃን ስሊፒንግ ባግ ላከችልኝ። ለማያውቀው ሰው፣ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ይመስላል፤ ታችኛው ጫፉ ግን የተሰፋ ነው። ልጁን ከተህ ዚፑን ትዘጋለህ። ብርድ ልብስ አያስፈልግም፣ ስለዚህ ሌሊት ተንሸራቶ ፊቱን የሚሸፍን ነገር የለም። እኔ የፈለግኩትም በዋናነት ለዚህ ነው። አሁን ዘጠኝ ወር ተጠቅሜበታለሁና ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከረጢቱ ላይ ያለው መለያ ቶግ የሚባል ቁጥር ይዟል። ጨርቁ ምን ያህል ሙቀት ይዞ እንደሚያቆይ የሚለካበት ነው። 0.5 በጣም ስስ ነው፣ 1 መካከለኛ፣ 2.5 ወፍራም። በተለምዶ 2.5 ክፍሉ ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ሲሆን ይመከራል፣ 1 ከ20 እስከ 24፣ 0.5 ደግሞ ከዚያ በላይ ሲሞቅ። ቁጥሩ ግን የከረጢቱ ብቻ ነው። ከውስጥ የምታለብሱት ይደመርበታል።

እህቴ የላከችው 2.5ቱ እስከ 6 ወር ለሚሆን ልጅ ነበር። 1 ቶጉ ደግሞ ከ6 እስከ 18 ወር። ችግሬ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ ቆይቶ ነው የገባኝ።

ጥር ላይ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ቤታችን ሽምብጥ አካባቢ ነው፤ ብሎኬት ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ኮርኒስ አለው። ማሞቂያ የለንም። ትንሽ ቴርሞሜትር ገዝቼ ከአልጋው አጠገብ፣ በፍራሹ ከፍታ ሰቀልኩት። መጀመሪያ መስኮቱ ላይ አድርጌው ነበር፣ እዚያ ግን ልጁ የሚተኛበትን ሳይሆን የውጩን አየር ነው የሚያሳየው። ጥር ላይ ማታ 2 ሰዓት 20 ዲግሪ፣ ንጋት 11 ሰዓት 17 ያነብ ነበር። ጉርድ እጅጌ ቦዲ፣ ከላይ እግሩ የተሸፈነ ስስ የጥጥ ቱታ፣ ከዚያ 2.5ቱ። በቃ። ኮፍያ የለም፣ ጋቢ የለም። ሕፃን ትርፍ ሙቀቱን በብዛት የሚያወጣው በጭንቅላቱ ስለሆነ ቤት ውስጥ ኮፍያ አድርጎ አይተኛም።

አማቴ በዚህ አልተስማሙም ነበር። አንድ ሌሊት እጁን ያዙና «ልጄ፣ እጁ እኮ በረዶ ሆኗል! ብርድ ሊመታው ነው» አሉኝ። «እማዬ፣ እስኪ ጀርባውን ይንኩት» አልኳቸው። እጃቸውን በአንገቱ በኩል አስገቡ። ሞቆ፣ ደረቅ ሆኖ አገኙት። «ውይ፣ ይሞቃል እኮ» ብለው ተገረሙ። የሕፃን እጅና እግር ቀዝቃዛ የሚሆነው ደሙ በቅድሚያ መሃል ሰውነቱን ስለሚያሞቅ ነው። ስለዚህ እጁን ነክቶ መወሰን ያሳስታል። የሚነካው ደረት ወይም ከአንገት በታች ያለው ጀርባ ነው። ሞቅ ያለና ደረቅ ከሆነ ደህና ነው። ላብ ካለው ወይም ካቃጠለ በዝቶበታል፣ ደረቱ ከቀዘቀዘ አንሶታል። ከዚያ ወዲህ እማዬ ራሳቸው ናቸው ጀርባውን የሚነኩት።

ከየካቲት ማለቂያ ጀምሮ ነገሩ ተበላሸ። የባህር ዳርን መጋቢት ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው ቀን ሙሉ ሲግል ይውልና ማታ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይለቀዋል። ማታ 2 ሰዓት 26 ዲግሪ ነበር፣ ንጋት ላይ 22። 2.5ቱ ለዚህ አይሆንም። 1 ቶጉን ላለብሰው ስል አንገቱ በጣም ሰፊ ሆነ፤ ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህ ለድርድር የማይቀርብ ነገር ነው። ዚፑ ተዘግቶ በአንገቱና በጨርቁ መሃል አንድ ሁለት ጣት ብቻ ነው መግባት ያለበት፣ የክንድ ቀዳዳውም እንደዚያው ጠበቅ ይላል። በመለያው ላይ ከዕድሜው ይልቅ ኪሎውን እዩ።

እኔም ንጋቱን ፈርቼ 2.5ቱን በቦዲ ብቻ ቀጠልኩ። ሦስተኛው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ እየተነጫነጨ ነቃ። ዚፑን ስከፍት ጀርባው ረጥቧል፣ የአንገቱ ፀጉር ተጣብቋል፣ ጉንጩ ቀልቷል። ጠዋት አንገቱ እጥፋት ላይ ጥቃቅን ቀይ ሽፍታ ወጥቶ ነበር። በጣም ደነገጥኩ። ምክንያቱም ሙቀት ለሕፃን ምቾት መንሳት ብቻ አይደለም፤ ከመጠን በላይ መሞቅ በእንቅልፍ ላይ ከሚከሰት ድንገተኛ የሕፃናት ሞት ጋር እንደሚያያዝ አንብቤያለሁ። ስህተቴ የንጋቱን ልብስ ማታ ማልበሴ ነበር።

መፍትሔውን ያገኘሁት ልብስ ሰፊ ጋ ነው። ነጭ አቡጀዲ ገዝቼ አጠብኩት፣ ቀድሞ እንዲኮማተር። ትንሹን 2.5 ለልኬት ሰጠሁትና ያለ ገበር፣ በነጠላ ጨርቅ ብቻ እንዲሰፋልኝ አደረግሁ። የአንገቱንና የክንዱን ቀዳዳ ከልኬቱ እንዳያሰፋ አደራ አልኩት። ቁመቱን ግን አንድ ስንዝር ጨመርን። ቁልፍ ተነቅሎ አፍ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል በዚፕ ነው ያሠራሁት። የቶግ ቁጥር የለውም፣ እኔ እንደ ስሱ ነው የምቆጥረው።

ሚያዝያና ግንቦትን ያለፍነው በእሱ ነው። አንድ የሚያዝያ ሌሊት እንዲህ ነበር። ማታ 2 ሰዓት 28 ዲግሪ፤ ጉርድ ቦዲ ብቻ አድርጌ ያለ ከረጢት አስተኛሁት። ቬንትሌተሩን ወደ ግድግዳ አዞርኩት፣ አየሩ እንዲዘዋወር እንጂ ልጁ ላይ እንዳይነፍስ። ሌሊት 9 ሰዓት ሊጠባ ሲነቃ 25 ደርሷል፤ ያኔ አቡጀዲውን አለበስኩት። ንጋት 11 ሰዓት 23 ነበር፣ ጀርባው ሞቅ ያለና ደረቅ። ለጡት መነሳቴ ስለማይቀር ያንን ሰዓት የልብስ መቀየሪያ አደረግሁት።

አጎበሩን ሳላነሳ አላልፍም፣ ባህር ዳር ነንና። ከረጢቱ እጅጌ ስለሌለው ክንዱ ለወባ ትንኝ ክፍት ነው። ስለዚህ አጎበሩን ወጥሬ ከፍራሹ ሥር እከተዋለሁ፣ የሚንጠለጠል ጫፍ አልተውም። ትኩሳት ካለው ደግሞ ምንም ዓይነት ከረጢት አላለብሰውም፤ ልብሱን አሳንሼ ወደ ሐኪም ነው።

በክረምቱ 1 ቶጉ ልኩ ሆነ። ክፍሉ 22 ማታ፣ 20 ንጋት፤ ረጅም እጅጌ ፒጃማ ከውስጥ፣ ያለ ምንም ጭንቀት ተኛን። ቅሬታዬ ማድረቁ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ጊዜ ከታጠበ ሁለት ቀን ይፈልጋል፣ እርጥብ ደግሞ አይለበስም። መቀየሪያ ስላልነበረኝ በእነዚያ ሌሊቶች ሁለት የጥጥ ልብስ ደርቤ አሳለፍኩት። የዚፑም ጫፍ አገጩን ይነካዋል፣ መሸፈኛ ጨርቅ የለውም። ይህንን ስትገዙ እዩት።

ብርድ የሚፈራ ሰው ክፍሉን በከሰል ማንደጃ አሙቁ ቢላችሁ እንዳትሰሙት። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ሳይሰማ ይገድላል።

እንደገና ብገዛ መጀመሪያ ልጁ ያን መጠን የሚለብሰው በየትኛው ወር እንደሆነ እቆጥር ነበር። ለጥቅምት ልጅ ትንሹ መጠን ከጥር እስከ ግንቦት ነው የሚለበሰው። ስለዚህ አንድ 2.5 እና አንድ 1፣ ሁለቱም በትንሹ መጠን፤ ትልቁን ለክረምት ሁለት 1። 2.5ቱን አሁን በቅርቡ ለወለደች ጎረቤቴ አጥቤ ሰጥቻታለሁ፣ ከአንገቱ የሁለት ጣት መለኪያ ጋር። አቡጀዲውን ግን አልሰጥም፤ ለሚቀጥለው ሚያዝያ ልብስ ሰፊው እንደገና ያስረዝምልኛል።