ባንኩ እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋል፣ የኤንጂኦው ደብዳቤ ገና አሥር ቀን ይቀረዋል፦ የትኛውን መያዝ ይሻላል?

አዲስ አበባ ውስጥ የአራት ዓመት ልምድ ያለው አንድ አካውንታንት እንውሰድ። የቀድሞ ውሉ አልቆ አሁን ሥራ ላይ አይደለም። ሰኞ ጠዋት ከአንድ የግል ባንክ የቅጥር ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ መልሱ እስከ ዓርብ 11 ሰዓት እንዲገባ ይላል። ባለፈው ሳምንት ቃለ መጠይቅ ያደረገበት ኤንጂኦ ደግሞ ደውሎ "ተመርጠሃል፤ ሪፈረንስ አጣርተን በአሥር ቀን ውስጥ ደብዳቤውን እንልካለን" ብሎታል። ደመወዞቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው፤ በራስዎ ቁጥር ይተኳቸው።

| | ባንኩ | ኤንጂኦው |
|---|---|---|
| ያልተጣራ ደመወዝ | 28,000 ብር | 42,000 ብር |
| እጅ የሚገባው | 18,290 ብር | 26,410 ብር |
| ውሉ | ጊዜው ያልተወሰነ | የ12 ወር ፕሮጀክት |
| ተጨማሪው | የአንድ ወር ቦነስ፣ በዝቅተኛ ወለድ የሠራተኛ ብድር | የሕክምና ሽፋን |
| ያለው ማስረጃ | የተፈረመ ደብዳቤ | የስልክ ቃል |

እጅ የሚገባው የተሰላው ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር ማሻሻያ ነው። ከ14,000 ብር በላይ ለሆነ ደመወዝ 35 በመቶውን ወስደው 2,050 ብር ሲቀንሱለት ግብሩ ይወጣል። በዚያ ላይ ሠራተኛው የሚያዋጣው 7 በመቶ ጡረታ አለ። ስለዚህ ከ14,000 በላይ ከምትጨመር ከእያንዳንዷ ብር እጅ የምትገባው 58 ሳንቲም ብቻ ናት። "14,000 ብር ይበልጣል" የተባለው ኤንጂኦ በተግባር የሚበልጠው በ8,120 ብር ነው።

ይህም ቢሆን ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ጥያቄው ግን 12 ወሩ ካለቀ በኋላ ያለው ነው። ፕሮጀክቱ ካልታደሰና ሌላ ሥራ እስኪገኝ ሦስት ወር ከተቀመጡ፣ የአሥራ ሁለት ወሩ 316,920 ብር ለአሥራ አምስት ወር ይካፈላል፤ በወር 21,128 ይሆናል። የባንኩን ቦነስ ግብሩን ቀንሰን ለአሥራ ሁለት ብናካፍለው ወርሃዊው 19,807 ገደማ ነው። ልዩነቱ ወደ 1,300 ብር ወረደ ማለት ነው። ሥራ ፈትቶ መቀመጡ አራት ወር ከሞላ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። የባንኩ የሠራተኛ ብድር እዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም፤ ቤት ለመሥራት ወይም ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ብቻውን ሚዛኑን ሊያዞር ይችላል። ብድሩ ከስንት ዓመት አገልግሎት በኋላ እንደሚፈቀድ ግን አስቀድመው ይጠይቁ። ቦነሱም በደብዳቤው ላይ ካልተጻፈ ባንኩ ሲያተርፍ ብቻ የሚገኝ ነገር አድርገው ይያዙት።

ፍለጋው የሚቆመው የት ላይ ነው?

"ከአማራጮች መጀመሪያ 37 በመቶውን አይተህ እለፍ፣ ከዚያ ከእነሱ የሚሻለውን ያዝ" የሚል የሒሳብ ሕግ አለ። ለሥራ ፈላጊ እምብዛም አይጠቅምም፤ የአማራጮቹ ብዛት አስቀድሞ የታወቀ፣ መጠበቁም ወጪ የሌለው አድርጎ ይነሳልና። እዚህ እያንዳንዱ ወር የቤት ኪራይ አለበት።

የሚሻለው ደብዳቤ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ነገር ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። አንደኛው፣ ያለዎት ቁጠባ በወር ወጪዎ ሲካፈል ስንት ወር ያቆያል? ሁለተኛው፣ ባለፉት ሁለት ወራት ካመለከቱባቸው ውስጥ ለቃለ መጠይቅ ያበቃዎት ስንቱ ነው፣ የሚከፍሉትስ ስንት ነበር? ከማስታወቂያ እስከ ደብዳቤ፣ ከፈተናና ከቃለ መጠይቅ ጋር፣ ሁለት ወር መፍጀቱ የተለመደ ነው። ቁጠባዎ ከሦስት ወር በታች ከሆነና የመጣው ደብዳቤ ቃለ መጠይቅ ድረስ ካበቁዎት ቦታዎች ከግማሹ የሚሻል ከሆነ፣ ፍለጋውን ማቆም ይገባል። ደብዳቤው ከመጣ በኋላ የሚወጣ መስፈርት ግን አይታመንም፤ ሰው ያኔ የሚጽፈው አስቀድሞ የፈለገውን ነው።

በእኛ ምሳሌ ባንኩን እምቢ ብሎ ኤንጂኦውን መጠበቅ መቼ ያዋጣል? ኤንጂኦው ቀርቶ አራት ወር ሥራ ቢጠፋ የሚታጣው የባንክ ደመወዝ 73,160 ብር ነው። ኤንጂኦው ቢመጣና ውሉ ያለ ክፍተት ቢታደስ በዓመት የሚገኘው ብልጫ፣ ቦነሱ ተቀንሶ፣ 79,240 ብር ይሆናል። እንዲህ በቀናው መንገድ እንኳ መጠበቁ የሚያዋጣው የስልኩ ቃል ግማሽ በግማሽ የሚታመን ሲሆን ነው። ከውሉ በኋላ ሦስት ወር መቀመጥ ካለ ወደ 80 በመቶ እርግጠኛ መሆን ይጠይቃል።

የስልክ ቃል ምን ያህል እንደሚታመን የሚታይበት ምልክት አለ። ሪፈረንስ የሰጧቸው ሰዎች በእርግጥ ተደውሎላቸዋል? ደመወዙ በቁጥር ተነግሮዎታል? ሥራ የሚጀምሩበት ቀን ተጠይቀዋል? ሦስቱም ካሉ ጉዳዩ ሩቅ ሄዷል። "ከለጋሹ ማረጋገጫ እየጠበቅን ነው" ከተባለ ግን አሥሩ ቀን ወር ሊሆን ይችላል። ኤች አሩ ሊያፋጥነው የማይችለው ነገር ነውና።

ሁለቱን ቀኖች ማቀራረብ

ሰኞ ዕለት ለባንኩ ደብዳቤው መድረሱን ብቻ ይመልሱ፤ "እሺ" አይበሉ። በዚያው ቀን ለኤንጂኦው ይደውሉና ወዲያው በጽሑፍ ያስከትሉ፦

"ከሌላ መሥሪያ ቤት እስከ ዓርብ መልስ የምሰጥበት የቅጥር ደብዳቤ ደርሶኛል። ምርጫዬ የእናንተ ቦታ ነው። ደብዳቤውን እስከ ሐሙስ ማግኘት የሚቻል መሆኑን ብታሳውቁኝ አመሰግናለሁ።"

የባንኩን ስምና ደመወዝ መጥቀስ አያስፈልግም። የሌለ ደብዳቤ አለ ማለት ደግሞ አደጋ ነው፤ "እንግዲያው እሱን ያዝ" ቢባሉ መመለሻ የለም።

ባንኩን ቀን የሚያስጨምሩት ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት አይደለም። ባንኩ የሚቸኩለው ተጠባባቂ ስላለው ነው፤ እርስዎ ሲዘገዩ ተጠባባቂውም ሌላ ቦታ ይገባበታል። ስለዚህ "ትንሽ ጊዜ ስጡኝ" ከማለት "እስከሚቀጥለው ረቡዕ 6 ሰዓት" ማለት ይሻላል። አንዴ ብቻ ይጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው የሕግ ነጥብ አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1690 መሠረት ቀን ወስኖ ሐሳብ ያቀረበ ወገን እስከዚያ ቀን በቃሉ ይታሰራል። በአንቀጽ 1694 ደግሞ፣ ከቀረበው ጋር የማይገጥም ወይም ሁኔታ የተጨመረበት "ተቀብያለሁ" እንደ እምቢታና እንደ አዲስ ሐሳብ ይቆጠራል። "ተቀብያለሁ፣ ደመወዙ ግን 32,000 ይሁን" ብሎ መጻፍ የያዙትን ደብዳቤ ሊያሳጣ ይችላል። ባንክ በደመወዝ እርከን ስለሚሠራም ስለ ጭማሪ መጠየቅ ካለብዎት በጥያቄ መልክ ያድርጉት፦ "የአራት ዓመት ልምዴ ሲታይ ከፍ ያለ እርከን ላይ መመደብ ይቻል ይሆን?"

ባንኩ የጨመረው ቀን ደርሶ ኤንጂኦው ዝም ካለ፣ በዚህ ስሌት ባንኩ ይፈረማል። ከፈረሙ በኋላ ደብዳቤው ቢመጣስ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ከሙከራ በኋላ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ቢሆንም የባንኩን ውል ሲፈርሙ ሥልጠናን ተከትሎ የተወሰነ ዓመት ለማገልገል የሚያስገድድ አንቀጽ መኖር አለመኖሩን ያንብቡ፤ ችግሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። ባንክ ዋስ ይጠይቃልና ዘመድዎን ለዋስትና የሚያስቸግሩት ቁርጥ ውሳኔ ላይ ከደረሱ በኋላ ይሁን። ሁለት ጊዜ ዋስ የሚሆን ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።